ስምንት ብር ከሃያ ሁለት ሳንቲም የት ጠፋ?

አንድ የቁጠባና ብድር ማህበር ሂሳቡን ሊዘጋ ሲል ሁለት የማይገጣጠሙ ድምሮች ገጠሙት እንበል። የሂሳብ ሠራተኛዋ በእጃቸው የያዙት መዝገብ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ከተሰጡት 120 ብድሮች የተገኘው ወለድ 38,222.77 ብር ነው ይላል። ማህበሩ ያሠራው ፕሮግራም ደግሞ 38,214.55 ብር ብሎ ያትማል። ልዩነቱ 8 ብር ከ22 ሳንቲም ነው።

ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ፕሮግራሙ የት ቦታ እንደሳተ እስካልታወቀ ድረስ ዛሬ ስምንት ብር የጎደለው ነገ ስንት እንደሚጎድል የሚያውቅ የለም። ደግሞም ከሁለቱ የተሳሳተው መዝገቡ ይሁን ፕሮግራሙ ገና አልታወቀም። ጉዳዩ የተለመደ ዓይነት ነው፤ ፕሮግራሙ አልተቋረጠም፣ የስህተት መልእክትም አላወጣም፣ ሥራውን ጨርሶ የተሳሳተ ቁጥር አትሟል። እንዲህ ያለው ስህተት ከሁሉም አስቸጋሪ ነው እላለሁ፤ የሚቋረጥ ፕሮግራም ቢያንስ የተቋረጠበትን መስመር ይነግራል።

ፕሮግራሙ በፓይተን የተጻፈ ነው። ስሙ `bidir.py` ነው፤ የመስመሮቹን ቁጥር ከጎን አስቀምጫለሁ፤ በኋላ ስለሚያስፈልጉን።

```
 1  from data import loans
 2
 3  def day_number(y, m, d):
 4      return 365*(y-1) + (y-1)//4 + 30*(m-1) + d
 5
 6  def interest(loan):
 7      start = day_number(*loan["given"])
 8      end = day_number(*loan["paid"])
 9      days = end - start
10      return round(loan["amount"]*loan["rate"]*days/365, 2)
11
12  total = 0
13  for loan in loans:
14      amount = interest(loan)
15      total = total + amount
16  print(round(total, 2))
```

ፕሮግራም ጽፎ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። `total`፣ `days`፣ `start` የመሳሰሉት ስሞች ቫሪያብሎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ዋጋ ይይዛሉ፣ ዋጋውም ፕሮግራሙ በሮጠ ቁጥር ሊለወጥ ይችላል። ከመስመር 13 ጀምሮ ያለው ሉፕ ብድሮቹን አንድ በአንድ እያነሳ ወለዳቸውን ያሰላና `total` ላይ ይደምራል። ወለዱን የሚያሰላው `interest` የተባለው ፋንክሽን ነው። እሱም ብድሩ የተሰጠበትንና የተከፈለበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተቀብሎ፣ እያንዳንዱን ቀን በ`day_number` አማካይነት ወደ አንድ ተከታታይ ቁጥር ይለውጣል፤ ከዚያ ሁለቱን ቁጥሮች ቀናንሶ ስንት ቀን እንዳለፈ ያገኛል። በመስመር 4 ላይ ያለው `//` አካፍሎ ቀሪውን የሚጥል ምልክት ነው።

ስህተቱን ያየነው መስመር 16 ላይ ነው፤ እዚያ መስመር ላይ ግን ጥፋት የለም፤ የተሰጠውን ቁጥር ብቻ ነው ያተመው። የተሳሳተው ዋጋ ከዚያ በፊት የሆነ ቦታ ተወልዶ፣ ከአንዱ ቫሪያብል ወደ ሌላው እየተላለፈ ነው መጨረሻው ላይ የደረሰው። የምንፈልገው የመጀመሪያውን ቦታ ነው፤ ወደ ፋንክሽኑ ወይም ወደ መስመሩ የገባው ሁሉ ትክክል ሆኖ የወጣው ግን ስህተት የሆነበትን። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ይዘሉና የመጨረሻውን መስመር ያስተካክላሉ። `round` ላይ ይፈርዳሉ፣ ወይም በድምሩ ላይ ማካካሻ ይጨምራሉ። ቁጥሩ ለዛሬ ይገጥማል፤ ስህተቱ ግን ካለበት አልተነቃነቀም።

ቦታውን ለማግኘት ፕሮግራሙን መሃል ላይ አቁሞ ቫሪያብሎቹን ማየት ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርገው መሣሪያ ዲበገር ይባላል፤ ፕሮግራሙ እንዲቆም ምልክት የምናደርግበት ቦታ ደግሞ ብሬክፖይንት ነው። ሐሳቡ ከኮምፒውተር ጋር እኩል ያረጀ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ የቀረበው ኢኒያክ የተባለው ግዙፍ ማሽን ፕሮግራም የሚደረገው ከክፍል ወደ ክፍል ገመድ በመሰካት ነበር። ሥራውን መሃል ላይ ለማቆም ሲፈለግ አንዱ ገመድ ይነቀላል፤ ብሬክፖይንት የተባለውም ይኸው ነው። ዘዴውን ያመጡት ከመጀመሪያዎቹ የኢኒያክ ሴት ፕሮግራመሮች አንዷ ቤቲ ሆልበርተን እንደሆኑ ይነገርላቸዋል። ዛሬ ገመድ አንነቅልም። በቪኤስ ኮድ ውስጥ መስመሩ ላይ ሆኖ `F9` መጫን ይበቃል፤ በመስኮቱ ጎን ቀይ ነጥብ ይወጣል። እዚህ ግን ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣውንና ምንም መጫን የማያስፈልገውን `pdb` እንጠቀማለን።

```
python -m pdb bidir.py
```

ይህን ስንጽፍ ፕሮግራሙ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆሞ ትእዛዛችንን ይጠብቃል። ጥቂት ፊደላት ይበቁናል፦ `b` ብሬክፖይንት ያስቀምጣል፣ `c` እስከሚቀጥለው ብሬክፖይንት ያስኬዳል፣ `n` አንድ መስመር ያራምዳል፣ `s` ደግሞ መስመሩ ወደሚጠራው ፋንክሽን ውስጥ ይዞን ይገባል። `p` የቫሪያብልን ዋጋ ያሳያል።

አሁን ጥያቄው የት እናቁመው የሚል ነው። 120 ብድሮች አሉ። በእያንዳንዱ ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል፤ ግን ሠላሳኛው ላይ ሲደርስ ዓይን ይደክማል፣ ሰው የተሳሳተውን ቁጥር እያየ ያልፋል። እንደ ዕድል ሆኖ የሂሳብ ሠራተኛዋ መዝገብ ከእያንዳንዱ ብድር ጎን እስከዚያ ድረስ የተጠራቀመውን ድምር ይዟል። ስለዚህ መሃሉ ላይ፣ 60ኛው ብድር ዘንድ፣ እናቆምና የፕሮግራሙን `total` ከመዝገቡ ጋር እናስተያያለን። ከገጠመ ስህተቱ ከ60 በኋላ ነው፤ ካልገጠመ 60 ላይ ወይም ከዚያ በፊት ነው። በአንድ ማቆሚያ የፍለጋው ግማሽ ይወገዳል። ለዚህ የሚያገለግለው ቅድመ ሁኔታ ያለው ብሬክፖይንት ነው፤ ያልነው ነገር እውነት ሲሆን ብቻ ይቆማል።

```
(Pdb) b 15, loan["no"] == 60
(Pdb) c
(Pdb) n
(Pdb) p round(total, 2)
```

ከ`c` በኋላ ያለችው `n` ለምን እንደገባች ልብ ይባል። ዲበገር አንድ መስመር ላይ ቆመ ስንል ያ መስመር ገና አልተሠራም ማለት ነው። መስመር 15 ላይ እንደቆምን `total`ን ብንጠይቅ የምናገኘው እስከ 59ኛው ብድር ያለውን ድምር ነው። መዝገቡ ላይ ካለው የ60ኛው ድምር ጋር ስናስተያየው አይገጥምም፤ ስህተቱን አገኘሁ ብለን ትክክለኛውን ግማሽ መፈተሽ እንጀምራለን። ሰው ሙሉ ከሰዓት የሚያባክንበት ወጥመድ ይህ ነው፤ ብዙ ጀማሪ ሲወድቅበት አይቻለሁ። አንድ `n` ስንጨምር መስመሩ ይሠራል፣ ከዚያ ነው የምንጠይቀው።

60ኛው ላይ ድምሩ ከመዝገቡ ጋር ገጠመ። ብሬክፖይንቱን ሳንሰርዝ ቅድመ ሁኔታውን ብቻ እንለውጥ፤ `condition 1 loan["no"] == 90` ይበቃል። 90ኛው ላይ አልገጠመም፤ 8 ብር ከ22 ሳንቲም ይጎድላል። ፕሮግራሙ ወደ ኋላ ስለማይሄድ `restart` ብለን ከመጀመሪያው አስነሳነው፤ ብሬክፖይንቱ እንዳለ ይቆያል። 75ኛው ገጠመ። 83ኛው አልገጠመም። 79ኛው ገጠመ፣ 81ኛው አልገጠመም፣ 80ኛውም አልገጠመም። በሰባት ማቆሚያ ደረስን፦ እስከ 79ኛው ብድር ሁሉ ነገር ትክክል ነው፤ `total` ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳሳተ ዋጋ የያዘው የ80ኛው ብድር ወለድ ሲደመርበት ነው። ብድሮቹ 120 ይቅርና 1,000 ቢሆኑ እንኳ አሥር ማቆሚያ ይበቃ ነበር።

ይህ በግማሽ በግማሽ የመፈለግ ዘዴ አንድ ነገር ይዋሻል፤ ማወቁ ይጠቅማል። የሚያገኝልን ከትክክል ወደ ስህተት የተሻገርንበትን አንድ ቦታ ነው፤ የግድ የመጀመሪያው ላይሆን ይችላል። በ20ኛው ብድር ላይ አምስት ብር ቢጎድል፣ በ40ኛው ላይ ደግሞ አምስት ብር ቢተርፍ፣ 60ኛው ላይ ስንቆም ሁለቱ ተጣፍተው ድምሩ ልክ ይመስላል። እንዲህ ዓይነቱን የሚጠረጥር ሰው ከተጠራቀመው ድምር ይልቅ የእያንዳንዱን ብድር ወለድ፣ ማለትም `amount`ን፣ ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት አለበት። ሌላው መጠንቀቅ ያለብን የመረጃው ዓይነት ነው። የብድር ቁጥሮቹ ከፋይል እንደ ጽሑፍ ተነበው ከሆነ `"80" == 80` መቼም እውነት አይሆንም። ብሬክፖይንቱ አንድም ጊዜ ሳይቆም ፕሮግራሙ ያልቃል፤ ሰውየውም መስመሩ ጭራሽ አልተሠራም ብሎ ይደመድማል። ብሬክፖይንት አልቆም ሲል መጀመሪያ ያለ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥና መቆሙን ማየት ነው።

ወደ 80ኛው ብድር እንመለስ። መዝገቡ እንዲህ ይላል፦ 20,000 ብር፣ በዓመት 15 በመቶ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2015 ዓ.ም. ተሰጠ፣ መስከረም 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ተከፈለ፣ ወለዱ 295.89 ብር። ፕሮግራሙ ግን 287.67 አለ።

ወደ ፋንክሽኑ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ወረቀት አንስተን የምንጠብቀውን መጻፍ አለብን። ይህን በጣም አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ዲበገር ዋጋውን ያሳያል እንጂ ዋጋው ትክክል ይሁን ስህተት አይነግርም። `days` 35 ነው ብሎ ሲያሳየን፣ ትክክለኛው ስንት እንደሆነ አስቀድመን ካልቆጠርን፣ 35 ቀን ከአንድ ወር ትንሽ በለጥ ያለ ነውና ደህና ይመስላል፤ አንገታችንን ነቅንቀን እናልፋለን። በየመስመሩ እየተራመዱ ለሰዓታት ምንም ሳያገኙ የሚቀሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የጎደላቸው የዲበገር ችሎታ አይደለም፤ የሚያዩትን የሚመዝኑበት ነገር አልያዙም። እኛ እንቁጠር። ከነሐሴ 20 እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 10 ቀን አለ። ከዚያ ጳጉሜን ነው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ነበረው። ከዚያ የመስከረም 20 ቀን። በድምሩ 36 ቀን። ወለዱም 20,000 በ0.15 ተባዝቶ፣ በ36 ተባዝቶ፣ ለ365 ሲካፈል 295.89 ይመጣል። መዝገቡ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ፕሮግራሙ መሆኑ እዚህ ላይ ተረጋገጠ።

አሁን የመጀመሪያውን ብሬክፖይንት `cl 1` ብለን እናንሳና `b 14, loan["no"] == 80` ብለን ድምሩ ሳይሆን ስሌቱ የሚጠራበት መስመር ላይ እናቁም። `s` ስንል ወደ `interest` ውስጥ እንገባለን። ከዚህ በኋላ ግን በ`n` እንራመዳለን። በ`s` ብንቀጥል መስመር 7 ላይ ወደ `day_number` ይዞን ይገባል፤ እዚያ መግባት ያስፈልግ እንደሆነ ገና አላወቅንም። የፋንክሽኑ ውጤት ትክክል ከሆነ በውስጡ ማለፍ ጊዜ ማባከን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በላዩ ዘለን ውጤቱን እናያለን፤ ስህተት ሆኖ ስናገኘው ብቻ ተመልሰን እንገባለን። በስህተት የማይፈለግ ፋንክሽን ውስጥ የገባ ሰው `r` ቢል እስከ ፋንክሽኑ መውጫ ድረስ በአንዴ ያደርሰዋል።

መስመር 10 ላይ ደርሰን፣ መስመር 9 ከተሠራ በኋላ፣ ሦስቱን ቫሪያብሎች አንድ ላይ እንጠይቅ።

```
(Pdb) p start, end, days
(735963, 735998, 35)
```

36 መሆን የነበረበት 35 ነው። መስመር 10 ላይ ያለው የወለድ ስሌት ነጻ ወጣ፤ የተሳሳተ ቀን ተሰጥቶት በትክክል ነው ያሰላው። መስመር 9ም ነጻ ነው፤ 735998 ሲቀነስ 735963 በእርግጥ 35 ነው። እንግዲህ ወይ `start` ወይ `end` ተሳስቷል። እዚህ ላይ ግን አዲስ ችግር አለ፦ 735963 ትክክል ይሁን አይሁን በዓይኑ የሚያውቅ ሰው የለም። ወረቀት ላይ የጻፍነው 36 እዚህ አይረዳንም።

እንዲህ ሲሆን ትክክለኛ መልሱን በእርግጠኝነት የምናውቀውን ጥያቄ ለዚያው ፋንክሽን ማቅረብ ነው። ፕሮግራሙ እንደቆመ ሆኖ `p` ማንኛውንም ስሌት ይቀበላል። ከብድሩ ቀኖች መሃል ያለው የተለየ ነገር የዓመቱ መለወጫ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 እና መስከረም 1 ቀን 2016 ተከታታይ ቀኖች ናቸው፤ ልዩነታቸው 1 መሆን አለበት።

```
(Pdb) p day_number(2016, 1, 1) - day_number(2015, 13, 6)
0
```

ዜሮ! ለፕሮግራሙ ጳጉሜን 6 እና ዕንቁጣጣሽ አንድ ቀን ናቸው። ሁለት የተለያዩ ቀኖች አንድ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፣ 735979። ለማነጻጸር ከአንድ ዓመት በፊት ያለውን መሸጋገሪያ ብንጠይቅ፣ ከጳጉሜን 5 ቀን 2014 እስከ መስከረም 1 ቀን 2015፣ በትክክል 1 ይላል። ስለዚህ ቀመሩ እዚህ የሳተው ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ነው። `start` በ2015 ውስጥ ስለሆነ ደህና ነው፤ የተሳሳተው ዋጋ መጀመሪያ የገባው በመስመር 8 ወደ `end` ነው፤ ዋጋውን የሠራው ደግሞ መስመር 4 ነው። ያለ አግባብ ፋንክሽን መጥራት ግን ጥንቃቄ ይሻል። `day_number` አስልቶ ከመመለስ በቀር ምንም ስለማይነካ ደህና ነው። ጥሪው መዝገብ ውስጥ የሚጽፍ ወይም ዝርዝርን የሚያሳጥር ፋንክሽን ቢሆን ኖሮ የምንመረምረውን ፕሮግራም ራሳችን እንለውጠው ነበር።

መስመር 4 ላይ ያለው `(y-1)//4` ከአሁኑ ዓመት በፊት ስንት ባለ 366 ቀን ዓመታት እንዳለፉ ሊቆጥር የታሰበ ነው። እንዲህ ተብሎ የሚጻፈው ትርፍ ቀኗ የምትገባው ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል በሆነበት አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጆቹ እንደዚያ ነው፣ 2024 እ.ኤ.አ. የካቲታቸው 29 ቀን እንደነበረው። በእኛ ግን ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው፤ ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲቀር። 2011፣ 2015፣ ወደፊትም 2019። 2016 ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ ትርፏ ቀን አልፋለች፤ ቀመሩ ግን የሚቆጥራት ገና ከአንድ ዓመት በኋላ፣ 2017 ሲገባ ነው። ትክክለኛው `y//4` ነው። 2016 ለ4 ሲካፈል 504 ነው፤ የቀድሞው ቀመር 2015ን ለ4 አካፍሎ 503 ይሰጥ ነበር። የጎደለችው ቀን ይቺ ናት፤ የ20,000 ብር የአንድ ቀን ወለድም 8 ብር ከ22 ሳንቲም።

ከ120 ብድሮች አንዱ ብቻ ለምን ተሳሳተ ቢባል፣ ማህበሩ ብድር የሚሰጠው ከጥቅምት በኋላ ሆኖ ክረምቱ ሳይወጣ እንዲመለስ ስለሚያደርግ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ተሰጥቶ በዚያው ዓመት የተከፈለ ብድር ላይ የተሳሳተው ቀን በ`start` ላይም በ`end` ላይም እኩል ስለሚገባ ሲቀናነስ ይጠፋል። 80ኛው ብድር በልዩ ሁኔታ አዲስ ዓመትን ተሻገረ። ነገሩ የሚያሳስበው በሌላ በኩል ነው፤ በ2016 ተሰጥቶ በ2017 የሚከፈል ብድር ቢኖር ስህተቱ ተገልብጦ ተበዳሪው አንድ ቀን ትርፍ ወለድ ይከፍል ነበር። እኩል ገንዘብ የተበደሩ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በፊተኛው ሌላው በኋለኛው አዲስ ዓመት ቢሻገሩ ኖሮ የማህበሩ ድምር ከመዝገቡ ጋር ልክ በልክ ይገጥም ነበር፤ ማንም ሳያውቅ አንዱ ለሌላው ይከፍላል ማለት ነው።

ማስተካከያው አራት ምልክቶችን ከማጥፋት አይበልጥም፤ ቅንፎቹንና `-1`ን። ከዚያ በኋላ 80ኛውን ብድር ብቻ ማየት አይበቃም። ዲበገሩ ውስጥ የጠየቅነውን ጥያቄ ለብዙ ዓመታት የሚደግም አጭር ፍተሻ ቢጻፍ ቀመሩን ነገ የሚነካ ሰው ወዲያው ይነቃል።

```
for y in range(2009, 2021):
    last = 6 if y % 4 == 3 else 5
    assert day_number(y+1, 1, 1) - day_number(y, 13, last) == 1
```

በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ፍለጋው የተቃናው `total` ላይ የሚጽፈው መስመር የታወቀ ስለነበር ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አይገኝም። በሲ በተጻፈ ፕሮግራም ውስጥ አሥር ቦታ ያለው ዝርዝር ላይ አሥራ አንደኛ ቁጥር የሚጽፍ ሉፕ ካለ፣ ያ ቁጥር በማህደረ ትውስታ ጎረቤት የሆነውን ሌላ ቫሪያብል ሊደርብበት ይችላል። ቫሪያብሉን የሚጠራ መስመር ሁሉ ላይ ብሬክፖይንት ብናስቀምጥ አንዳቸውም ጥፋተኛውን አይዙትም፤ ጥፋተኛው መስመር ስሙን ጭራሽ አይጠራውምና። ለዚህ የሚያገለግለው መስመርን ሳይሆን ዋጋን የሚጠብቅ ማቆሚያ ነው፣ ዋችፖይንት ይሉታል። `gdb` በተባለው ዲበገር ውስጥ `watch total` ስንል ማንም ይሁን ማን ያንን ቦታ በለወጠ ቅጽበት ፕሮግራሙ ይቆማል፤ የድሮውንና የአዲሱን ዋጋ ጎን ለጎን ያሳያል። ፕሮግራሙ ብዙም ሳይዘገይ ይሮጣል፤ ጥበቃውን የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ራሱ ስለሆነ። ከኢንቴል 80386 ጀምሮ ያሉት የዚያ ቤተሰብ ፕሮሰሰሮች ለዚህ የተመደቡ አራት የአድራሻ ሬጂስተሮች አሏቸው፤ ስለዚህም በአንድ ጊዜ ሊጠበቁ የሚችሉት ጥቂት ቦታዎች ብቻ ናቸው። የፓይተኑ `pdb` ይህ የለውም። ያለው `display total` ነው፤ እዚያው ፋንክሽን ውስጥ በቆምን ቁጥር ዋጋው ተለውጦ ከሆነ ያሳየናል፣ ራሱ ግን አያቆምም።

ከቆሙ በኋላ የሚፈጠር ሌላ ችግር አለ። ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን በሚሮጡበት ፕሮግራም ውስጥ አንዱን ስናቆም የሁለቱ ጊዜ ይዛነፋል፣ ስህተቱም ዲበገር ባለበት ላይታይ ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ፣ በሊኑክስ ላይ ለሚሠሩ፣ በሞዚላ ተጀምሮ ያደገው `rr` ትልቅ እፎይታ ነው። ፕሮግራሙን በመጀመሪያ ሳያቆም ይቀርጸዋል። ስህተቱ በተያዘበት ቅጂ ላይ መጨረሻው ድረስ እንሄድና የተሳሳተው ቫሪያብል ላይ `watch` አድርገን `reverse-continue` እንላለን። ፕሮግራሙ ወደ ኋላ ይሮጥና ያንን ዋጋ የጻፈው መስመር ላይ ይቆማል። እዚያ መስመር ላይ የገቡትን ቫሪያብሎች እናያለን፤ ከእነሱ አንዱ ቀድሞ ተሳስቶ ከሆነ በሱ ላይ ሌላ `watch` እናስቀምጥና እንደገና ወደ ኋላ እንሄዳለን። የገባው ሁሉ ትክክል የሆነበት፣ የወጣው ግን ስህተት የሆነበት መስመር ላይ ስንደርስ እናቆማለን።